አተረፈ የተባለው መደብር ቼኩ ለምን ተመለሰ?

(ለመጀመሪያ ዓመት የቢዝነስ ተማሪዎች የተሰጠ ንግግር፤ በጽሑፍ የተዘጋጀ)

እንደምን ዋላችሁ። ዛሬ አንድ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ይዤላችሁ መጥቻለሁ። መደብሩ በእውን ያለ አይደለም፤ ሒሳቡ እንዲቀላችሁ ቁጥሮቹን ያዘጋጀኋቸው እኔ ነኝ። ታሪኩን ግን በባንክ ብድር ክፍል በሠራሁባቸው ዓመታት ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ባለቤቱ ፋይሉን ታቅፎ ይመጣል። ኦዲተር የፈረመበት ሒሳብ ጥሩ ትርፍ ያሳያል። በዚያው ሳምንት ግን ለአቅራቢው የጻፈው ቼክ በቂ ስንቅ የለውም ተብሎ ተመልሷል። በቂ ስንቅ የሌለው ቼክ ማውጣት በአገራችን ሕግ ወንጀል ስለሆነ ሰውዬው እንቅልፍ አጥቷል። አጭበርባሪ አይደለም፤ ሒሳቡም አልተጭበረበረም። ታዲያ ያተረፈ ሰው እንዴት የሚከፍለው ያጣል? የዛሬው ትምህርታችን በሙሉ የዚህ ጥያቄ መልስ ነው።

ሰሌዳው ላይ የጻፍኩት የመደብሩ ባላንስ ሺት፣ ማለትም የሀብትና ዕዳ መግለጫው ነው። ቀኑን ልብ በሉ፤ ሰኔ 30 ቀን 2015 ዓ.ም.።

ጥሬ ገንዘብና ባንክ ያለ፦ 300,000 ብር
ከደንበኞች የሚሰበሰብ ዱቤ፦ 900,000 ብር
የዕቃ ክምችት፦ 2,400,000 ብር
ፒክአፕ መኪና፣ መደርደሪያና መሣሪያ፦ 1,400,000 ብር
ጠቅላላ ሀብት፦ 5,000,000 ብር

ለአቅራቢዎች የሚከፈል፦ 1,200,000 ብር
በመጪው ዓመት የሚከፈል የባንክ ብድር፦ 400,000 ብር
ለመንግሥት የሚከፈል ግብር፦ 200,000 ብር
ከዓመት በኋላ የሚከፈል የባንክ ብድር፦ 1,200,000 ብር
የባለቤቶቹ ካፒታል፦ 2,000,000 ብር
ጠቅላላ ዕዳና ካፒታል፦ 5,000,000 ብር

መጀመሪያ ዕዳን በወቅቱ የመክፈል አቅምን እንለካ። ሊኪዊዲቲ የምንለው ይኸው ነው። በጣም የታወቀው መለኪያ ከረንት ሬሾ ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ ወደ ገንዘብ ይለወጣል የምንለውን ሀብት በአንድ ዓመት ውስጥ ለሚከፈለው ዕዳ እናካፍላለን። ጥሬ ገንዘቡ፣ ዱቤውና ክምችቱ ሲደመሩ 3,600,000 ብር ይሆናሉ። የአቅራቢዎቹ ዕዳ፣ የዓመቱ የብድር ክፍያና ግብሩ ደግሞ 1,800,000 ብር። ሲካፈል 2 ይመጣል። ለእያንዳንዱ አንድ ብር የቅርብ ዕዳ ሁለት ብር የቅርብ ሀብት አለ ማለት ነው።

ከማካፈላችሁ በፊት ግን አንድ መስመር አጣሩ። መደብሩ ከባንክ የተበደረው በጠቅላላ 1,600,000 ብር ነው። ከዚህ ውስጥ በሚቀጥሉት 12 ወራት የሚከፈለው 400,000 ብር ተነጥሎ ወደ ቅርብ ዕዳ መምጣት አለበት። ይህን መንጠል የረሳ ሒሳብ ያዥ ብዙ አጋጥሞኛል። ብድሩ ሁሉ «የረጅም ጊዜ» ከሚለው ሥር ቢቀመጥ የቅርብ ዕዳው 1,400,000 ብር ብቻ ይሆንና ሬሾው ወደ 2.57 ይዘላል። የመደብሩ አቅም ግን በአንድ ሳንቲም እንኳ አልተለወጠም።

መጽሐፎቻችሁ «2 ጥሩ ነው» ይላሉ። ይህች 2 ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ ያላት የአሜሪካ ባንኮች የብድር መለኪያ ናት። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ሀብቱ በችኮላ ተሽጦ ግማሽ ዋጋ ብቻ ቢያወጣ እንኳ ዕዳው ይሸፈናል የሚል ነው። ለአበዳሪ መነሻ ትሆናለች፤ ሕግ ግን አይደለችም። የአሜሪካውን የዎልማርት ሒሳብ ተመልከቱ። በፈረንጆች ጃንዋሪ 31 ቀን 2024 የቅርብ ሀብቱ ወደ 77 ቢሊዮን ዶላር፣ የቅርብ ዕዳው ወደ 92 ቢሊዮን ዶላር ነበር። ሬሾው 0.83 ገደማ ነው። ከአንድ በታች! ማንም ግን ዎልማርት ሊዘጋ ነው አላለም። ምክንያቱ ዕቃው ከመደርደሪያው የሚነሳበት ፍጥነት ነው። ክምችቱን ከዓመቱ የተሸጠ ዕቃ ዋጋ ጋር ስታነጻጽሩት ዕቃው በአማካይ 41 ቀን ገደማ ይቆያል። ደንበኛው ደግሞ እዚያው ቆሞ ይከፍላል። ለአቅራቢዎች ያለበትን ዕዳ በዚያው መንገድ ብታሰሉት ወደ 42 ቀን ይጠጋል። ዕቃው ተሸጦ ገንዘብ የሚሆነው ሒሳቡ የሚከፈልበት ቀን ሊደርስ ሲል ነው።

እንግዲህ የእኛን መደብር በዚሁ ዓይን እንየው። የዓመቱ ሽያጭ 6,000,000 ብር፣ የተሸጡት ዕቃዎች መግዣ ዋጋ 4,500,000 ብር ነው። ክምችቱን 2,400,000 ብር ለ4,500,000 አካፍላችሁ በ365 ብታባዙት 195 ቀን ይመጣል። አንድ ዕቃ መጋዘን ከገባ በኋላ እስኪሸጥ በአማካይ ከስድስት ወር በላይ ይቆያል ማለት ነው። ከተሸጠም በኋላ ገንዘቡ ወዲያው አይገባም። ዱቤውን 900,000 ብር ለሽያጩ አካፍለን በ365 ስናባዛው 55 ቀን እናገኛለን። (እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ከደንበኛ የሚሰበሰበው ሒሳብ ውስጥ 15 በመቶው ቫት ተካቷል፤ በሽያጩ ውስጥ ግን ቫት የለም። ስለዚህ የቀኑ ቁጥር ትንሽ ከፍ ብሎ ይታያል። በአንጻሩ ከሽያጩ ከፊሉ እጅ በእጅ ከሆነ፣ ዱቤ የወሰዱት ደንበኞች በእርግጥ የሚቆዩት ከ55 ቀን በላይ ነው።) ሁለቱን ስንደምራቸው ብሩ ዕቃ ሆኖ ከገባ በኋላ ተመልሶ ብር እስኪሆን 250 ቀን ይፈጃል።

አቅራቢው ግን 250 ቀን አይጠብቅም። የዓመቱን ግዢ ከተሸጠው ዕቃ ዋጋ ጋር እኩል አድርገን ብንወስደው፣ 1,200,000 ብሩ የ97 ቀን ዱቤ ነው። ከ97 እስከ 250 ያለው 153 ቀን ነው። ሰውዬው እንቅልፍ ያጣው በዚህ ክፍተት ውስጥ ነው። ቼኩ የተመለሰውም እዚሁ ነው። ከረንት ሬሾ ሁለቱንም «በአንድ ዓመት ውስጥ» ብሎ በአንድ ከረጢት ስለሚከታቸው፣ በ97ኛው ቀን የሚጠየቀውና በ250ኛው ቀን የሚገባው ብር አንድ ዓይነት መስለው ይታያሉ።

ለዚህ ነው ሁለተኛው መለኪያ፣ ኩዊክ ሬሾ፣ የመጣው። ክምችቱን ከሀብቱ ላይ እናወጣውና የቀረውን እናካፍላለን። ጥሬ ገንዘቡና ዱቤው 1,200,000 ብር ናቸው፤ ለ1,800,000 ሲካፈሉ 0.67። ለአንድ ብር ዕዳ 67 ሳንቲም። ከ2 ወደ 0.67 መውረዱ ራሱ ትልቅ ወሬ ነው፤ የመደብሩ የመክፈል አቅም አብዛኛው መጋዘን ውስጥ ተቆልፏል ማለት ነው። ከዚያ 67 ሳንቲም ውስጥም 50ው ዱቤ ነው። ዱቤውን ደግሞ ዝርዝሩን ጠይቃችሁ አንብቡት። ግንባታው ቆሞ የጠፋ ሥራ ተቋራጭ እዚያ ውስጥ አለ? ባለቤቱ ራሱ ከመደብሩ የወሰደው ብር «ተሰብሳቢ» ተብሎ ተመዝግቧል? ባለቤት ለራሱ መደብር ያለበትን ዕዳ በቼክ ሲከፍል ያየሁበት ጊዜ ጥቂት ነው።

አሁን ወደ ቀኑ ልመልሳችሁ። ባላንስ ሺት የአንድ ቀን ፎቶግራፍ ነው ሲባል ሰምታችኋል። የእኛ ፎቶግራፍ የተነሳው ሰኔ 30 ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ሐምሌ ነው፤ ከዚያ ነሐሴ። በክረምት ቆፋሪውም ግንበኛውም ሥራ ይቀንሳል፤ ሲሚንቶና ብረት ገዢው ያንሳል። ስለዚህ ከሰኔ 30 በኋላ ያሉት ወራት የሚያስገቡት ገንዘብ ከዓመቱ አማካይ በታች ነው። የሰኔ ወር የአቅራቢዎች ዕዳ የሚከፈለው ግን በእነዚሁ ወራት ነው። የንግድ ትርፍ ግብሩም እስከ ጥቅምት መጨረሻ መከፈል አለበት። ተመሳሳይ መደብር ፎቶግራፉን ሚያዝያ ላይ ቢያነሳ ኖሮ ሌላ መልክ ይኖረው ነበር።

ፎቶግራፍ ስለሚነሳ የሚያሰማምር አለ። ባለፈው ዓመት አንዲት ተማሪ «መምህር፣ ሰኔ 29 ላይ ዕዳ ቢከፍል ሬሾው ይለወጣል?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄዋ ትክክለኛ ቦታ ላይ ያረፈ ነበር፤ አብረን እናስላው። ባለቤቱ ካለው 300,000 ብር 200,000ውን ለአቅራቢ ከፈለ እንበል። የቅርብ ሀብቱ 3,400,000፣ የቅርብ ዕዳው 1,600,000 ይሆናል። ከረንት ሬሾው ከ2 ወደ 2.13 ከፍ አለ። ኩዊክ ሬሾውን ስናየው ግን 1,000,000 ለ1,600,000 ነው፤ ከ0.67 ወደ 0.63 ወረደ። አንድ ድርጊት ሁለቱን ሬሾዎች በተቃራኒ አቅጣጫ ላካቸው። ምክንያቱ ሒሳባዊ ነው፤ ከአንድ በላይ ከሆነ ክፍልፋይ ላይ ከላይም ከታችም እኩል ስትቀንሱ ያድጋል፤ ከአንድ በታች ከሆነ ያንሳል። እጁ ላይ የቀረው ግን 100,000 ብር ብቻ ነው፤ ክረምቱን የሚገባው በዚያች ነው። ስለዚህ ከረንት ሬሾ ከፍ ብሎ ጥሬ ገንዘብ ካሽቆለቆለ የሰኔን መጨረሻ ሳምንት የባንክ መግለጫ ጠይቁ።

ወደ ትርፋማነት እንሻገር። እዚህ ላይ ብዙ ተማሪ የሚስተው ነገር አለ። የትርፋማነት ሬሾ ከባላንስ ሺት ብቻ አይወጣም። ትርፉ የሚገኘው ከትርፍና ኪሳራ መግለጫው ነው፤ ባላንስ ሺቱ የሚሰጠን ያ ትርፍ በስንት ሀብትና በማን ገንዘብ እንደተገኘ ነው።

የመደብራችን ሽያጭ 6,000,000 ብር ነበር፤ የዕቃው ዋጋ 4,500,000 ሲቀነስ 1,500,000 ጥቅል ትርፍ ይቀራል። ኪራይ፣ ደመወዝ፣ ትራንስፖርትና ሌላ ወጪ 660,000 ብር። የሚቀረው 840,000 ብር ነው። ለባንኩ በ15 በመቶ 240,000 ብር ወለድ ይከፈላል፤ 600,000 ይቀራል። መደብሩ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ስለሆነ 30 በመቶ ግብር፣ 180,000 ብር ይወጣል። የተጣራ ትርፉ 420,000 ብር ነው። ባላንስ ሺቱ ላይ ያያችሁት 200,000 ብር የግብር ዕዳ ይኸው 180,000ና 20,000 ብር ያልተከፈለ ቫት ነው።

420,000 ብሩን ለጠቅላላ ሀብቱ 5,000,000 ብናካፍለው 8.4 በመቶ ይሆናል። ይህ ሪተርን ኦን አሴት ነው፤ መደብሩ በያዘው በእያንዳንዱ መቶ ብር ሀብት ስምንት ብር ከአርባ ሳንቲም አተረፈ። ለባለቤቶቹ ካፒታል 2,000,000 ብናካፍለው ደግሞ 21 በመቶ ነው፤ ይኸኛው ሪተርን ኦን ኢኩዊቲ ይባላል። ትርፉ የ12 ወር፣ ካፒታሉ ግን የአንድ ቀን ስለሆነ የዓመቱን መጀመሪያና መጨረሻ አማካይ መውሰድ ይሻላል። ባለቤቶቹ ምንም ሳያወጡ ከቆዩ የመነሻ ካፒታላቸው 1,580,000 ብር ነበር፤ በአማካዩ ቢሰላ 23.5 በመቶ ይመጣል። የሁለት ድርጅት ሬሾ ስታወዳድሩ ሁለቱም በአንድ ዘዴ መሰላታቸውን አረጋግጡ።

አሁን እኔ በግሌ ከሁሉ አብልጬ የምወደው ጥያቄ ይመጣል። 8.4 እንዴት 21 ሆነ? ተጨማሪው ከየት መጣ? ወለድና ግብር ከመነሳቱ በፊት ያለውን 840,000 ብር ለሀብቱ ስናካፍለው 16.8 በመቶ ነው። ይህ ብሩ የማን እንደሆነ ሳይጠይቅ መደብሩ በራሱ የሚያፈራው ነው። ሀብቱ የተገዛው በሦስት ወገን ገንዘብ ነው። የባለቤቶቹ 2,000,000 ብር በ16.8 በመቶ 336,000 ብር አፈራ። የባንኩ 1,600,000 ብርም 16.8 በመቶ አፍርቷል፤ ባንኩ ግን 15ቱን ስለወሰደ ለባለቤቶቹ የቀረው 1.8 በመቶ፣ ማለትም 28,800 ብር ብቻ ነው። የቀረው 1,400,000 ብር የአቅራቢዎችና የመንግሥት ገንዘብ ነው። ይህ ወለድ አይከፈልበትም፤ ያፈራው 235,200 ብር በሙሉ ለባለቤቶቹ ገባ። ደምሩት፤ ልክ 600,000 ብር፣ ግብር ከመነሳቱ በፊት ያለው ትርፍ።

እንግዲህ አስተውሉ። ከባለቤቶቹ ትርፍ ከሦስት አንድ በላይ የሚሆነው የተገኘው የአቅራቢን ገንዘብ በማቆየት ነው። ይህ ያው ኩዊክ ሬሾውን 0.67 ያደረገው ገንዘብ ነው። ሪተርን ኦን ኢኩዊቲን ከፍ ያደረገውና ቼኩን ያስመለሰው አንድ ነገር ነው። ለዚህ ነው ሁለቱን ዓይነት ሬሾ በተለያየ ምዕራፍ አንብባችሁ በተለያየ ፈተና እንድትመልሱ የማልፈልገው። ከባንኩ የተገኘችው 1.8 በመቶም ቀጭን ናት። ወለዱ ወደ 17 በመቶ ቢወጣ የተበደረው ብር ባለቤቶቹን ማክሰር ይጀምራል።

የቀረን ክምችቱ ነው። መጋዘን ገብታችሁ ብትቆጥሩ ከ2,400,000 ብሩ ውስጥ 700,000 ብሩ ከዓመት በላይ ያልተነካ ሴራሚክ ሆኖ ታገኙታላችሁ እንበል። ፋብሪካው ቀለሞቹን ማምረት አቁሟል፤ ከእያንዳንዱ ቀለም ያለው ለአንድ ቤት እንኳ አይሞላም። በዓለም አቀፉ የሒሳብ ሪፖርት ደረጃ መሠረት ክምችት የሚመዘገበው ከመግዣ ዋጋውና ተሸጦ በእርግጥ ከሚያስገኘው ዋጋ በሚያንሰው ነው። ሴራሚኩ 300,000 ብር ብቻ የሚያወጣ ከሆነ 400,000 ብር ኪሳራ መመዝገብ አለበት። በዚህ አንድ ምዝገባ ከግብር በፊት ያለው ትርፍ ከ600,000 ወደ 200,000 ብር ይወርዳል፤ ከረንት ሬሾውም ከ2 ወደ 1.78። ኩዊክ ሬሾው ግን አይነቃነቅም፤ ክምችቱን ቀድሞውኑ አላመነውምና። ያልተመዘገበ የሞተ ዕቃ በሁለቱም በኩል ያታልላል፤ የመክፈል አቅምንም ትርፍንም ያሳብጣል። ምልክቱ የክምችት ቀኑ ከዓመት ወደ ዓመት እየረዘመ ጥቅል ትርፉ በመቶኛ ሳይነካ መቆየቱ ነው።

ተቃራኒውም አለ። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። ከዚያ ቀን በፊት በ1,000 ብር የገባ ዕቃን በ1,700 የሸጠ አስመጪ በሒሳቡ 700 ብር አተረፈ፤ ትርፋማነቱ ከሽያጩ 41 በመቶ ነው። ያንኑ ዕቃ መልሶ ለማምጣት 1,600 ብር የሚያስፈልገው ከሆነ ግን መደርደሪያውን ከሞላ በኋላ እጁ ላይ የሚቀረው 100 ብር ነው፤ ግብሩ ደግሞ የሚሰላው በ700 ብሩ ላይ ነው። በእንዲህ ያለ ዓመት የትርፍ ሬሾ ሲያምር ጥሬ ገንዘቡ መሳሳቱ አያስገርማችሁ።

ወደ ባለመደብሩ እንመለስና እንጨርስ። ያን ሴራሚክ ሐምሌ ሳይገባ በ300,000 ብር ሸጦ ገንዘቡን በሙሉ ለአቅራቢ ቢሰጥ ምን ይሆናል? የቅርብ ሀብቱ 2,900,000፣ የቅርብ ዕዳው 1,500,000 ይሆናል። ከረንት ሬሾው 1.93 ነው፤ ከቀድሞው ትንሽ አንሷል። ኩዊክ ሬሾው ግን 1,200,000 ለ1,500,000 ይሆንና ከ0.67 ወደ 0.80 ይወጣል። ባለቤቱ 400,000 ብር ኪሳራ በወረቀት አምኗል፤ ያ ብር ግን ቀለሙ ከገበያ ሲጠፋ አብሮ የሄደ ነው። ለሳምንቱ ሥራ እንዲሆናችሁ ይህን ባላንስ ሺት ከነሽያጩ ገልብጡና ይዛችሁ ሂዱ። ዱቤው ከ55 ቀን ወደ 30 ቀን ቢወርድና የተሰበሰበው ብር ለአቅራቢዎች ቢከፈል አራቱ ሬሾዎች የት እንደሚደርሱ፣ ሪተርን ኦን አሴት ለምን እንደሚጨምርና ከረንት ሬሾው ወዴት እንደሚሄድ አስልታችሁ ኑ።